ውዱ ፈንድና ርካሹ ፈንድ፦ ክፍያው በ12 ዓመት ስንት በላብኝ?

አሜሪካ ሠርተው ወደ ሐዋሳ የተመለሱ፣ ወይም እዚያ እህት ወንድም ያላቸው ወዳጆቼ አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ በተቀመጥን ቁጥር ያው አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «የትኛው ፈንድ ይሻላል?» መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ገበያውን እንዳለ ተከትሎ የሚገዛው ርካሹ ኢንዴክስ ፈንድ። ለምን እንደሆነ የራሴን ስቴትመንት ዘርግቼ አሳያችኋለሁ፤ ውዱን ገዝቼ የተቃጠልኩት እኔ ነኝና።

በ2012 እ.ኤ.አ. 10,000 ዶላር ይዤ አንድ የባንክ አማካሪ ፊት ተቀመጥኩ። አክሲዮንና ቦንድ የተቀላቀለበት ፈንድ መረጠልኝ። የመጀመሪያው ስቴትመንት ሲመጣ 9,425 ዶላር ይላል። 5.75 በመቶ የመግቢያ ክፍያ ተብሎ 575 ዶላር ገና ከበሩ ላይ ቀርቷል። በጣም ተናደድኩ፤ ግን የተናደድኩት በትንሹ ሌባ ነበር።

ትልቁ በዓመት 1.10 በመቶ የሚወስደው ነው። እሱ ስቴትመንት ላይ መስመር የለውም። ፈንዱ ከጠቅላላ ሀብቱ ላይ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሰውና የአንዱን ድርሻ ዋጋ ከቀነሰ በኋላ ነው የሚነግራችሁ። ማግኘት የምትችሉት ፈንዱ ስለ ራሱ በሚያወጣው ሰነድ፣ በፕሮስፔክተሱ ውስጥ ባለው የክፍያ ሰንጠረዥ፣ «ኤክስፔንስ ሬሾ» በሚለው ቦታ ነው።

በ2024 ሒሳቡን ስዘጋው 20,300 ዶላር ሆኖ ነበር። እጥፍ ሆነልኝ ብዬ ተደሰትኩ። ከዚያ ኤክሴል ላይ ይህችን ጻፍኩ፦

```
=(1-0.0575)*(1-0.011)^12
```

መልሱ 0.825 ነው። ገበያው ስንት እንዳደገ ማወቅ አላስፈለገኝም። ከክፍያው በፊት ሊኖረኝ ይገባ ከነበረው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር የደረሰኝ 82.50 ነው ማለት ነው። 20,300ን ለ0.825 ባካፍለው ያለ ምንም ክፍያ 24,600 ገደማ ይሆን ነበር። 10,000ው የራሴ ስለሆነ ትርፌ 14,600 መሆን ሲገባው 10,300 ሆነ። ከትርፉ 29 በመቶ አልደረሰኝም። «1 ከመቶ ምን አላት» የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 1ዱ የሚቆረጠው ከትርፉ አይደለም፣ ከዋናውም ከትርፉም፣ በየዓመቱ ነው።

ተመሳሳይ ቅልቅል ያለው ኢንዴክስ ፈንድ መግቢያ የለውም፣ በዓመት የሚወስደው 0.07 በመቶ ነው። በ12 ዓመት 0.992ው ይደርሰኛል፤ 24,390 ዶላር ገደማ። ልዩነቱ 4,090 ዶላር ነው። ይህ የሚያስኬደው ሁለቱ ፈንዶች የያዙት ንብረት ሲመሳሰል ነው፤ ንጹሕ አክሲዮን ከቦንድ ጋር አታወዳድሩ።

አሁን ደግሞ «መግቢያ ነፃ» እያሉ የሚሸጡት አለ። መልኩ ርካሽ ነው፤ ዓመታዊው ክፍያ ግን 1.85 በመቶ ሆኖ አገኘሁት። ሦስት ዓመት ብቻ ከያዛችሁት ከእኔው ይሻላል፦ 0.946 በ0.912። ስምንት ዓመት ሲጠጋ እኩል ይሆናሉ። ክፍያው በዚያው ከቀጠለ በ12ኛው ዓመት 0.80 ወርዶ ከእኔም ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ አማካሪው «መግቢያ የለውም» ሲላችሁ ራሳችሁን የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ስንት ዓመት ልይዘው ነው?

ስቴትመንት ስታነቡ ሁለት ቦታ ትሳሳታላችሁ። የትርፍ ድርሻ ተመልሶ ሲገዛበት ወረቀቱ ላይ «ግዢ» ተብሎ ይጻፋል። ከኪሳችሁ ያስገባችሁት መስሏችሁ ከደመራችሁት ስሌቱ ይበላሻል። በየወሩ የምታስገቡ ከሆነም እያንዳንዱ ገንዘብ የቆየበት ዘመን የተለያየ ስለሆነ የራሳችሁን ዓመታዊ ዕድገት በኤክሴሉ `XIRR` አውጡት።

ሁለተኛው የእኛ አገር ጣጣ ነው። አንድ ወዳጄ የአሜሪካ ፈንዱን በብር ቆጥሮ «በአንድ ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው» አለኝ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዶላር ከ58 ብር ግድም ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 ሲያልፍ ያየውን የምንዛሪ ለውጥ ነበር ፈንዱ ያተረፈው የመሰለው። በዶላር ስንሠራው ስምንት በመቶ እንኳ አልሞላም። ስሌቱን ገንዘቡ ባለበት አገር ገንዘብ ሥሩት።

ባለፈው ደግሞ አንዱ ጓደኛችን ዳላስ ያለችውን እህቱን በስልክ አገናኘኝ። «መግቢያ ነፃ» የተባለውን ዘጠኝ ዓመት ይዛለች፣ ጡረታዋ ሊደርስ 20 ዓመት ይቀራታል። የቀሩትን 20 ዓመታት ብቻ ሠራሁላት፦ ባለችበት በዚያው 1.85 በመቶ ክፍያ ከቆየች 0.69፣ ወደ ኢንዴክሱ ከዞረች 0.986። «ለመውጣትስ ያስከፍሉኝ ይሆን?» አለች። የዚህ ዓይነቱ ፈንድ የመውጫ ቅጣት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ብቻ ነው አልኳት። የሚያሰጋው ታክሱ ነው፤ ገንዘቡ የጡረታ ሒሳብ ውስጥ ከሆነ እዚያው ውስጥ መቀያየሩ ታክስ አያስከትልም፣ በተራ ሒሳብ ከሆነ ግን ስትሸጥ በትርፉ ላይ ትከፍላለች። የትኛው እንደሆነ አታውቀውም ነበር፤ ወረቀቱን ልትፈልግ ስልኩን ዘጋች።