በጋዝ መንፋት ወይስ በናይትሮጅንና በቫኪዩም፤ ባሕር ዳር ላይ ኤሲ ለሚያስገጥም

ባሕር ዳር ላይ ሙቀቱ ሲጀምር ስልኬ አያርፍም። ደዋዩ ይለያያል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፦ «አንዱ ገጣሚ 4,000 ብር አለኝ፣ ሌላው 7,500። ኤሲው ያው ኤሲ ነው፤ 3,500 ብሩ የምን ነው?»

ርካሹ እንዲህ ነው የሚሠራው። ቱቦውን ያስርና አንዱን ነት ላላ አድርጎ የውጭውን ክፍል ቫልቭ ለጥቂት ሰከንድ ይከፍታል። ጋዙ «ሽሽ» እያለ አየሩን ገፍቶ ይወጣል፤ ነቱን ያጠብቃል፤ አለቀ። ውዱ ደግሞ መጀመሪያ ቱቦውን በናይትሮጅን ነፍቶ ፍሳሽ ይፈልጋል፣ ከዚያ በፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ይስባል፤ ቫኪዩም የሚባለው ይህ ነው። ጋዙን የሚለቀው መጨረሻ ላይ ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔ ከውዱ ጋር ነኝ፤ ይህን የማምነው ግን ተምሬ ሳይሆን ከፍዬ ነው።

ሥራውን ስጀምር የወንድሜን መድኃኒት ቤት ኤሲ በጋዝ ነፍቼ ገጠምኩ። ከአራት ወር በኋላ «አይቀዘቅዝም» አለኝ። ጋዝ ሞላሁ፣ 4,500 ብር። ከአምስት ወር በኋላ ያው ጥያቄ፣ ያው 4,500 ብር። በሦስተኛው ከውስጡ ክፍል ጀርባ ያለውን ጥቁር ስፖንጅ ስገፈው የትልቁ ቱቦ ነት ዙሪያውን ቅባት በጠጣ አቧራ ተሸፍኗል። ነቱን ፈትቼ ፍሌር የሚባለውን የሰፋውን የቱቦ አፍ ጠርዝ በብርሃን ሳየው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ቱቦው ርካሽ ስለነበረ ግድግዳው ቀጭን ነው፤ በአውራ ጣቴ ስጫነው ይታጠፋል። ቱቦውን መቀየር 5,000 ብር ወሰደ። ከመጀመሪያው መግጠሚያ 4,000 ጋር ስትደምሩት ወንድሜ 18,000 ብር ሊከፍል በቃ፤ ለጥገናው የእጅ ዋጋ አልጠየቅኩም።

የፈሰሰው ጋዝ ይሞላል፤ ጋዙ ሲገፋ ያልወጣው እርጥበት ግን አይወጣም። አር-410ኤ በሚባለው ጋዝ በሚሠራ ኮምፕሬሰር ውስጥ ያለው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ፖሊዮል ኤስተር የሚባለው ነው፤ ውሃ እንደ ደረቅ ጤፍ ዱቄት ይጠጣል። ውሃው ከዘይቱና ከሙቀቱ ጋር ሲቆይ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ የሞተሩን ጥምጥም ልባስ ይበላል። የቀረው አየር ደግሞ ኮንደንሰሩ ላይ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ኤሲው እያቀዘቀዘ እንኳ ቆጣሪውን ያሯሩጠዋል። በዚያ ላይ ፋብሪካው ለተወሰነ የቱቦ ርዝመት በግራም መዝኖ ከሞላው ላይ ስንቱን እንደለቀቀው ነፊው ራሱ አያውቅም።

ብዙ ሰው የሚታለለው ግን በመካከለኛው አማራጭ ነው። «ናይትሮጅን ምን ያደርጋል፣ ቫኪዩም አድርጌ ጌጁ ካልተነሣ ፍሳሽ የለም ማለት ነው» የሚል ገጣሚ አለ፤ ዋጋውም 5,500 ነው። ስሌቱን ልንገራችሁ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ወደ 12 ፒኤስአይ ነው። ቫኪዩም ስታደርጉ ፍሌሩን የሚፈትነው ይህ 12 ፒኤስአይ ብቻ ነው፣ እሱም ከውጭ ወደ ውስጥ እየገፋ። ኤሲው ጠፍቶ በ28 ዲግሪ ሙቀት ሲቆም ግን በቱቦው ውስጥ ያለው አር-410ኤ ወደ 245 ፒኤስአይ ይሆናል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ። የወንድሜ ፍሌር በ12 ይዘጋ ነበር፤ በ245 ይከፈታል።

ስለዚህ ናይትሮጅን። ሲሊንደሩ ያለ ሬጉሌተር አይገጠምም፤ ውስጡ ያለው ግፊት ኤሲውን ይበጥሰዋል። በኦክስጅን መተካት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም፤ ከዘይት ጋር ይፈነዳል። የውጭው ክፍል ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው፣ በአገልግሎት ቀዳዳው በኩል መጀመሪያ 50፣ ከዚያ 150 ፒኤስአይ አስገብቼ በየመሐሉ አዳምጣለሁ፣ ከዚያ 400 አደርሰዋለሁ። የፋብሪካው መመሪያ ከዚያ ያነሰ ከጻፈ መመሪያውን እከተላለሁ። እያንዳንዱን ነት በሳሙና አረፋ ቀብቼ ቢያንስ አንድ ሰዓት እተወዋለሁ።

እዚህ ላይ አንዲት ማታለያ አለች። ከሰዓት በኋላ በ28 ዲግሪ 400 አድርጋችሁ ማታ በ18 ዲግሪ ብታዩት ጌጁ ወደ 386 ይወርዳል። ፍሳሽ አይደለም፤ ናይትሮጅኑ ስለቀዘቀዘ ነው። ለዚህ ነው ሰዓቱንና የአየሩን ሙቀት ሁልጊዜ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የምጽፈው። በሙቀት ሊገለጽ ከሚችለው በላይ ከወረደ ግን ወደ ሳሙናው ነው።

ቀጥሎ ናይትሮጅኑን ለቅቄ ቫኪዩም። ገጣሚ የሚለያችሁ እዚህ ላይ ነው፤ የማኒፎልዱን ሰማያዊ ጌጅ አሳይቶ «ሠላሳ ገብቷል» ካላችሁ ጠርጥሩት። ሠላሳ ኢንች በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ነው። በባሕር ዳር አየር ዜሮ ላይ የተስተካከለ ጌጅ ፍጹም ባዶ ቢሆን እንኳ 24 ገደማ ላይ ይቆማል፤ ደብረ ማርቆስ ከዚህም ከፍ ስለምትል ወደ 22 ነው። ሠላሳ ካሳየ ጌጁ ዜሮው ተናግቷል፣ ወይም ሰውየው ነው የተናጋው።

መርፌ ያለው ጌጅ ይህን ሥራ ከመጀመሪያውም አይችለውም። እርጥበት በ25 ዲግሪ ሊፈላ የሚጀምረው፣ ሚክሮን በሚባለው የቫኪዩም መለኪያ፣ ከ23,800 በታች ነው፤ የምንፈልገው ደግሞ 500 ሚክሮን። በዚህ ሁሉ መሐል መርፌው የሚንቀሳቀሰው አንድ ኢንች እንኳ አይሆንም። ሚክሮን ጌጅ ያስፈልጋል። 500 ሲደርስ ፓምፑን ዘግቼ አሥር ደቂቃ አያለሁ። ትንሽ ወጥቶ ከቆመ እርጥበት ቀርቷል፣ ፓምፑ ይቀጥላል። ሳይቆም ከወጣ ፍሳሽ ነው።

ፓምፑንም ጠይቁ። አንዳንዱ የድሮ ፍሪጅ ኮምፕሬሰር ሳጥን ውስጥ ከትቶ «ፓምፕ» ይለዋል። ድምፁ አለ፣ መርፌውንም ያወርደዋል፣ 500 ግን አይደርስም። እውነተኛው ፓምፕም ቢሆን ዘይቱ እንደ ወተት ነጭ ከሆነ ውሃ ጠጥቷል፤ ዘይቱ ሳይቀየር አይስብም። በመስታወቱ በኩል ተመልከቱ፣ ገጣሚው አይከፋውም፤ ከከፋው ሌላ ፈልጉ።

አንድ ጋሼ ባለፈው «እዚህ ሰፈር ሚክሮን ጌጅ ያለው የለም፣ እኔ ምን ላድርግ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ሦስት ጊዜ እንዲስብ አስደርጉት፦ አንድ ጊዜ ፓምፑ እስከሚችለው ይስባል፣ በደረቅ ናይትሮጅን ትንሽ ከዜሮ በላይ ይሞላል፣ ይለቃል፤ እንደገና፤ በሦስተኛው ናይትሮጅን ሳይጨምር ረጅም ጊዜ ይስባል። ናይትሮጅኑ የቀረውን እርጥበት ይዞ ይወጣል። ሦስቱ ዙር እስኪያልቅ የውጭውን ቫልቭ የሚከፍተውን ስድስት ጎን ቁልፍ እርስዎ ኪስ ውስጥ ያስቀምጡት አልኳቸው። ስቀው አስቀመጡት።