«ክፍያ የለውም» የሚለው ሐዋላ 880 ብር አሳጣን

ከውጭ ገንዘብ የሚላክላችሁ የጅማ ሰዎች፣ ይህን ለላኪዎቻችሁም አሳዩአቸው።

እህቴ ከቨርጂኒያ በየወሩ ለእናታችን 200 ዶላር ትልካለች። ከሁለት ወር በፊት «የማስተላለፊያ ክፍያ ዜሮ» ወደሚል ድርጅት ተዛወረች። የመጀመሪያው ወር በጣም ጥሩ ነበር፤ አንዱ ዶላር በ131 ብር ተመንዝሮ 26,200 ብር ደረሰን። በሁለተኛው ወር እናቴን ይዤ ሂርማታ አካባቢ ወዳለው ባንክ ስሄድ ግን ገንዘብ ከፋዩ 24,600 ብር ቆጠረላት። እናቴ ቆጥራ በመቀነቷ ቋጠረችው፤ እኔ ግን ደረሰኙን አልለቀቅሁም። ምንዛሪው 123 ብር ይላል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዕለቱ የመግዣ ዋጋ ደግሞ 130 ነው።

ባንኩን አልወቅስም፣ የተላከለትን ነው የከፈለው። ጉድለቱ የተፈጠረው እዚያው መላኪያው ጋ ነው። በእያንዳንዱ ዶላር 7 ብር፣ በ200 ዶላር 1,400 ብር፣ ይኸውም ወደ 11 ዶላር የሚጠጋ ክፍያ በምንዛሪው ውስጥ ተሸሽጎ ተወስዷል። የመጀመሪያው ወር 131 ብር ለአዲስ ደንበኛ ብቻ የተሰጠ ማባበያ ነበር። እህቴም ዜሮዋን አይታ ምንዛሪውን ዳግም አልተመለከተችውም።

የቀድሞ መላኪያዋ በግልጽ 4 ዶላር ይቀንሳል። በዚያው ቀን ከ200 ዶላሩ 4 ቀንሶ ቀሪውን 196 በ130 ቢመነዝርልን ኖሮ 25,480 ብር እናገኝ ነበር። ክፍያ ካለው ይልቅ ክፍያ የሌለው በ880 ብር ተወደደብን።

አሁን የምናደርገው ይህን ነው። እህቴ ከመክፈሏ በፊት የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ ትልክልኛለች። እዚህ የሚደርሰውን ብር፣ ከእሷ ኪስ በሚወጣው ጠቅላላ ዶላር አካፍላለሁ። ባለዜሮው 123 ሲሆን፣ ባለ4 ዶላሩ 127.40 ይወጣል፤ ከፍ ያለው ያሸንፋል። ጠቅላላ ስል ካርዱ የሚቆርጠውንም ጨምሬ ነው፤ በክሬዲት ካርድ ሲላክ የካርዱ ባንክ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ቆጥሮ የራሱን ክፍያ ሊጨምር ይችላል። ስታወዳድሩ የሁለቱንም ዋጋ በአንድ ሰዓት ውሰዱ፤ ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ስለሚተመን የትናንቱ ዋጋ ለዛሬ አይሆንም።

ከአሜሪካ ለሚልኩ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ አገር ሕግ ድርጅቱ ከክፍያ በፊት ክፍያውን፣ ምንዛሪውንና ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰውን መጠን ማሳየት አለበት። ከተከፈለ በኋላም ላኪው በ30 ደቂቃ ውስጥ ሰርዞ ገንዘቡን ከነክፍያው ማስመለስ ይችላል፤ ተቀባዩ ካልወሰደው ብቻ። ስለዚህ የሚስጥር ቁጥሩ በደረሳችሁ ቅጽበት ወደ ባንክ አትሩጡ፤ መጀመሪያ አካፍሉ።