ጌይነር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ የጣሳውን ጀርባ አንብቡ

ባሕር ዳር ጂም የምትሠሩ፣ በተለይ እንደኔ ቀጫጫ የሆናችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ ብራችሁን እንዳታወጡ። ጌይነር ስለሚሉት የክብደት መጨመሪያ ዱቄት ነው የማወራው። ባለፈው ወር ገዝቼ ተሸወድኩ።

የሚያናድደው ሻጩ አለመዋሸቱ ነው። «ሦስት ኪሎ ነው ወንድሜ፣ በአንድ ጊዜ 50 ግራም ፕሮቲን ታገኛለህ» አለኝ። ጣሳው ላይም እንደዛው በትልቁ ተጽፏል። ከጀርባ በደቃቃ ፊደል ያለውን ግን ቤት ገብቼ ነው ያየሁት። ያ «አንድ ጊዜ» የሚሉት 300 ግራም ዱቄት ነው፣ ሁለት ትልልቅ ስኩፕ ሙሉ! ሦስት ኪሎን ለ300 ግራም አካፍሉት፤ 10 ጊዜ ብቻ ይወጣዋል። የወር ብዬ የገዛሁት ጣሳ በ10 ቀን ባዶ ሆነ።

ከዚያ ሒሳቡን በ100 ግራም አወረድኩት፤ ሁሉንም ምግብ በእኩል ዓይን የምታዩት እንደዚህ ስታደርጉ ነው። ዱቄቱ በ100 ግራም 17 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። የተፈጨ ሽምብራ፣ ማለትም እቤት ያለው ሽሮ፣ 20 ግራም አካባቢ አለው። ካሎሪያቸውም ብዙ አይራራቅም። ታዲያ እኔ በዚያ ዋጋ የገዛሁት ምንድነው? መልሱ የይዘት ዝርዝሩ ላይ አለ። ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙው ወደ ትንሹ ነው፣ የኔው ጣሳ ላይ ደግሞ አንደኛ የተጻፈው ማልቶዴክስትሪን ነው፤ ይሄ ብዙውን ጊዜ ከበቆሎ ስታርች የሚሠራ፣ ቶሎ ወደ ስኳርነት የሚቀየር ዱቄት ነው። ሆዴን ሲነፋኝ የከረመውም እሱ ይመስለኛል። የወተት ፕሮቲን ለጡንቻ ከሽምብራ እንደሚሻል አልክድም፤ ግን ጣሳው ውስጥ ያለው ጥቂቱ ነው።

አሁን የምጠጣው በሶ ነው። 60 ግራም በሶ፣ 40 ግራም ተቆልቶ የተፈጨ ለውዝ፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ የፈላና የቀዘቀዘ ወተት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ይሄ 650 ካሎሪ ገደማና 24 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሆናል። ጠዋትና ማታ ከጠጣችሁት ያንን 300 ግራም ዱቄት ሊስተካከል ምንም አይቀረው፣ በካሎሪ እንዲያውም ይበልጣል። ግራሙን አንድ ቀን ባለሱቅ ሚዛን ላይ ለኩና ስንት ማንኪያ እንደሆነ ያዙት፣ ከዚያ በኋላ ሚዛን አያስፈልግም። በጠርሙስ የምትበጠብጡ ከሆነ ወተቱ ይቅደም፤ በሶው ከቀደመ ሥሩ ላይ ይጋገርና ግማሹን ሳትጠጡት ትጥሉታላችሁ። ሳይቆይ ጠጡት፣ ካደረ ገንፎ ነው። ለውዙን ደግሞ ለቅማችሁ ቁሉት፤ የሻገተና የተጨማደደውን ጣሉት፣ የሻጋታው መርዝ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ረቡዕና ዓርብ ወተቱ ይቀራል። ያኔ ለውዙን 60 ግራም አደርገዋለሁ፣ ምሳ ላይ ወፈር ያለ ሽሮ በእንጀራ። ጤፉና ሽምብራው አንዱ የጎደለውን አንዱ ይሞላል። ሽሮው ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ስትጨምሩ 120 ካሎሪ ጨመራችሁ ማለት ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለቄሶቹ ትቼዋለሁ። በፍስክ ቀን ግን ሐይቁ ዳር ቆሮሶ እገዛለሁ፤ 100 ግራም ሥጋው 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። እዚህም ሒሳብ አለ፦ አንድ ኪሎ ሙሉ ዓሣ ገዝታችሁ ስታስፈልጡት እጃችሁ የሚገባው ሥጋ ሲሶ ያህል ነው፣ ሌላው ጭንቅላትና አጥንት ነው። የሙሉውንና የፊሌቶውን ዋጋ ስታወዳድሩ ይሄን አስቡ።

በሁለት ሳምንት አራት ኪሎ ጨመርኩ የሚላችሁን አትመኑ፣ ጡንቻ እንደዛ አይመጣም። በሳምንት ሩብ ኪሎ፣ ቢበዛ ግማሽ ኪሎ ከጨመራችሁ በቂ ነው።

አንድ ነገር ግን እኔንም አስፈርቶኛል። ሽሮ በብዛት መብላት ስትጀምሩ ሽሮው የምን እንደሆነ እወቁ። እኛ አገር ጓያ ይመረታል፣ ርካሽ ስለሆነም ሽሮ ውስጥ ይቀላቀላል። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ሽባ እንደሚያደርግ አያቶቻችን ሲነግሩን ያደግነው ነው፣ ሕክምናውም ያንኑ ይላል፣ እግሩም አይመለስም። አልፎ አልፎ የሚበላና በየቀኑ ለጡንቻ ብሎ ሁለት ጭልፋ የሚጨምር ሰው አንድ አይደሉም። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ከሌላው ሁሉ ረከስ ያለ ሽሮ አየሁና ሻጯን «እትዬ፣ ጓያ አለበት?» አልኳት። «ትንሽ ናት» አለችኝ። አመስግኜ ሽምብራውን ራሴ ገዛሁና ወፍጮ ቤት ወሰድኩት።