«ፈቃድ ስለመጠየቅ» ወይስ ቀኑን የያዘ ርዕስ?

ለአለቃ የሚላክ የፈቃድ ኢሜይል ብዙ ጊዜ ርዕሱ «ፈቃድ ስለመጠየቅ» ብቻ ነው፤ መክፈቻውም «በቅድሚያ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እንደሚታወቀው...» ይላል። ጨዋ ነው። ግን አለቃህ ስልኳ ላይ ስታየው የዓመት ይሁን የሕመም፣ ለነገ ይሁን ለሚቀጥለው ወር ስለማታውቅ «በኋላ አየዋለሁ» ብላ ታልፈዋለች።

ሌላኛው ርዕስ «የዓመት ፈቃድ ጥያቄ፦ ከጥር 12 እስከ 15» ይላል። መክፈቻው፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ከማክሰኞ ጥር 12 እስከ ዓርብ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. የ4 ቀን የዓመት ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ፤ ሰኞ ጥር 18 ሥራ እገባለሁ።»

እኔ ያለማመንታት ይሄን እመርጣለሁ። በተለይ የመመለሻው ቀን ሲጻፍ፣ «እስከ 15» ሲባል 15ም ይቆጠራል ወይ የሚለው ጭቅጭቅ ይቀራል። መሥሪያ ቤቱ በፈረንጆች አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ርዕሱ ላይ ጃንዋሪ 20–23 ብለህ ጻፍ።