ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ የእጅ ጂፒኤስ፦ ድሬና ሐረር ላይ ለወራት ሰርቼበት ያየሁት

ስራዬ የውሃ መስመር ቫልቭ ያለበትን ቦታ እየመዘገብኩ ካርታ ላይ ማስገባት ነው፣ ኑሮዬ ድሬ ነው ግን ሐረርም እመላለሳለሁ። ይሄን መሳሪያ የገዛሁት ጀጎል ውስጥ በፊት የነበረኝ ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ጂፒኤስ በጣም ስላስቸገረኝ ነው። ቫልቩ አፈር ወይ ኮብልስቶን ይለብሳል፣ ከዓመት በኋላ የሚመጣው ሰራተኛ እኔ በጻፍኩት ቁጥር ነው ሚቆፍረው፣ እና ቁጥሩ አምስት ሜትር ከሳተ ጀጎል ውስጥ አምስት ሜትር ማለት ከግንቡ ወዲያ ማዶ የሰው ጊቢ ነው። ብራንዱን አልጠራም ምክንያቱም ምለው ነገር ኤል1 እና ኤል5 ሚባሉትን ሁለቱን ፍሪኩዌንሲዎች ለሚቀበል ማንኛውም የእጅ ጂፒኤስ ይሰራል።

መጀመሪያ ግን መሳሪያው ቦታ እንዴት እንደሚያገኝ ካልተነገረ የሚቀጥለው አይገባም። ሳተላይቱ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ ያለበትን ቦታና ሲግናሉን የላከበትን ሰዓት ይልካል፣ እጃችን ላይ ያለው መሳሪያ ደግሞ የደረሰበትን ሰዓት አይቶ በብርሃን ፍጥነት ያባዛና ርቀቱን ያወጣል። ሲግናሉ ለመድረስ የሚፈጅበት የሰከንድ 7 መቶኛ ገደማ ነው። እዚህ ላይ የአንድ ማይክሮሰከንድ ስህተት 300 ሜትር ነው፣ ሳተላይቱ የአቶሚክ ሰዓት አለው፣ የእኛ መሳሪያ ያለው ግን ርካሽ የኳርትዝ ሰዓት ነው። ለዛ ነው በሶስት ሳተላይት ማይበቃው፣ አራተኛው የሚያስፈልገው የራሳችን ሰዓት ምን ያህል እንደተዛባ ለማውጣት ነው። ከዚህ ሁሉ መያዝ ያለበት ይሄ ነው፣ መሳሪያው የሚለካው ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ሲግናሉን መንገድ ላይ ያዘገየ ነገር ሁሉ ለሱ ርቀት ሆኖ ነው ሚታየው።

እኛ አካባቢ ሁለት ዋና አዘግዪዎች አሉ። አንደኛው ላይ ሰማይ ያለው አዮኖስፌር ነው፣ ፀሐይ የምትሞላው የኤሌክትሮን ንብርብር። ድሬና ሐረር ለማግኔቲክ ኢኳተር ቅርብ ናቸው፣ እና በዛ ቀበቶ አዮኖስፌሩ ከአውሮፓው ይልቅ ወፍራምና ተለዋዋጭ ነው፣ ስለዚህ ፎረን ሪቪው ላይ ያነበባችሁት ቁጥር እዚህ ላይመጣ ይችላል። ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲው መሳሪያ መዘግየቱን በሳተላይት በሚላክለት አጠቃላይ ሞዴል ነው ሚገምተው፣ ያ ሞዴል ደግሞ የሚያስተካክለው ግማሹን ገደማ ነው። ባለ ሁለቱ ግን ይለካዋል፣ ምክንያቱም አዮኖስፌር ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ የበለጠ ያዘገያል፣ ኤል5 ከኤል1 ምን ያህል ዘግይቶ እንደመጣ ከታወቀ ጠቅላላው መዘግየት በስሌት ይወጣል። ይሄን ልዩነት በደንብ ያየሁት ድሬ ሜዳ ላይ ከስምንት እስከ አስር ሰዓት ባለው ሙቀት ነው፣ በተለይ ከፍታው ላይ፣ የድሮው ሲዋዥቅ አዲሱ ረግቶ ይቆያል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ግን አንዳንድ ማታ አዮኖስፌሩ ሲረበሽ ሲግናሉ ራሱ ይርገበገባል፣ ያኔ አዲሱም ሳተላይት ይጥላል፣ መጠበቅ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ሁለተኛው ግንብ ነው፣ እና ብዙ የደከምኩት እዚህ ላይ ነው። ከፈረስ መጋላ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ወርዳችሁ ወደ ጎን ስትታጠፉ ያሉትን ቀጫጭን መተላለፊያዎች አስቡ። መንገዱ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ ነው እንበል። ምስራቅና ምዕራብ ያሉት ሳተላይቶች በግንብ ይከለላሉ፣ የሚታዩት ከአናት ላይ ያሉትና በመንገዱ አቅጣጫ ያሉት ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ መሳሪያው በመንገዱ ርዝመት የት እንደቆምክ ደህና አድርጎ ያውቃል፣ ወደ ጎን ግን አያውቅም። ሰማዩ ክፍት ሲሆን የሳተላይቶቹ አቀማመጥ የርቀቱን ስህተት በአንድ ገደማ ነው ሚያባዛው፣ የ3 ሜትር ስህተት 3 ሜትር ሆኖ ይቀራል፣ መተላለፊያ ውስጥ ማባዣው 4 ቢደርስ ያው 3 ሜትር 12 ይሆናል፣ አብዛኛው ደግሞ ወደ ጎን፣ ማለትም ወደ ሰው ጊቢ ነው ሚሄደው።

በዛ ላይ ነጸብራቅ አለ። ምስራቅ ያለው ሳተላይት በቀጥታ ተከልሎ ከምዕራቡ ግንብ ተመትቶ ቢመጣ መሳሪያው ያንን ነው ሚይዘው። ግንቡ 2 ሜትር ተኩል ቢርቅና ሳተላይቱ 45 ዲግሪ ላይ ቢሆን ሲግናሉ 3 ሜትር ተኩል ገደማ ትርፍ መንገድ ይሄዳል፣ እና ያ ትርፍ ሳይቀነስ ርቀቱ ላይ ይደመራል። እዚህ ላይ ሻጮች ኤል5 ነጸብራቅን ያጠፋል ይላሉ፣ ግማሽ እውነት ነው። መሳሪያው ሰዓቱን የሚለየው ሳተላይቱ በሚልከው ተከታታይ ኮድ ነው፣ የኤል5 ኮድ አንዷ እርምጃ 29 ሜትር ገደማ ናት፣ የድሮው የኤል1 ሲቪል ኮድ ግን 293 ሜትር፣ ስለዚህ ከሩቅ ፎቅ ተመትቶ ብዙ አስር ሜትር ዘግይቶ የመጣን ሲግናል ኤል5 ከቀጥታው ለይቶ ይጥለዋል። የጀጎል ግንብ ግን ክንድ በሚያህል ርቀት አጠገብህ ነው፣ 3 ሜትር ዘግይቶ የመጣን ለኤል5ም መለየት ከባድ ነው። በተግባርም ያየሁት ይሄንኑ ነው፣ ድሬ ፎቅ ያለባቸው ሰፋ ያሉ መንገዶች ላይ አዲሱ ከድሮው በግልጽ ይሻላል፣ ጀጎል ውስጥ መሻሻሉ አለ ግን የጠበቅኩትን ያህል አይደለም።

ስክሪኑ ላይ ±3 ሜትር ሲል አትመኑት፣ ማለቴ ስህተቱ 3 ሜትር ነው ብላችሁ አትያዙት። ቁጥሩ መሳሪያው ከሳተላይቶቹ አቀማመጥና ከሲግናሉ ጥንካሬ ተነስቶ የሚገምተው ነው፣ የተያዘው ሲግናል ከግንብ የተመታ መሆኑን ካላወቀ ግምቱ ውስጥ አያስገባውም። አንድ ቦታ ቆሞ አስር ደቂቃ አቬሬጅ ማድረግም ብዙ አይረዳም፣ በአስር ደቂቃ ሳተላይቶቹ ብዙም ስለማይንቀሳቀሱ ነጸብራቁ ያው ነው፣ አቬሬጅ የሚደረገው ያው የተሳሳተ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ማያውቀው ደግሞ የጂፒኤስ ሳተላይቶች በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ወደዛው የሰማይ ቦታ ይመለሳሉ፣ ስለዚህ በማግስቱ በዛው ሰዓት ሄዳችሁ ብትለኩ ሁለቱ ቁጥሮች ሊቀራረቡ ይችላሉ፣ ሁለቱም ግን በአንድ አቅጣጫ የሳቱ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ጠዋት አንዴ ከሰዓት አንዴ ነው ምለካው፣ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት፣ ሁለቱ ከተራራቁ ቦታው መጥፎ ነው ማለት ነው። ያኔ ከመተላለፊያው ወጥቼ ክፍት አደባባይ ላይ ወይ ጣሪያ ላይ ነጥብ እይዝና ከዛ ወደ ቫልቩ በሜትርና በኮምፓስ እወርዳለሁ፣ ከሁሉም ዘዴ ይሄ ነው ያስተማመነኝ።

ሌላው ቶሎ ቶሎ፦ ጋሊሊዮ ሚባሉትን የአውሮፓ ሳተላይቶች ማብራት አትርሱ፣ ከጂፒኤስ ሳተላይቶች ኤል5 የሚልኩት የተወሰኑት ብቻ ናቸው፣ ጋሊሊዮዎቹ ግን በዛው ፍሪኩዌንሲ ሁሉም ይልካሉ። ኤግኖስ ሚባለውን ማስተካከያ አጥፉት፣ የተሰራው ለአውሮፓ ነው። ሁለቱም ፍሪኩዌንሲ ሲበራ ባትሪ ይበላል፣ ሙሉ ቀን ለመስራት መለዋወጫ መያዝ ግድ ነው። የሁለት ጎረቤት መሬት ወሰን ለመለየት ግን ይሄም አይበቃም፣ ለሱ ቦታው በታወቀ ነጥብ ላይ ከተተከለ ሌላ መቀበያ፣ ማለትም ከቤዝ ስቴሽን፣ ማስተካከያ የሚወስደው አርቲኬ ነው ሚያስፈልገው።

ዩቲኤም ሚባለውን፣ ምድርን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚጽፈውን፣ የምትጠቀሙ ካላችሁ ደግሞ 42 ዲግሪ ምስራቅ በድሬና በሐረር መሀል ነው ሚያልፈው፣ ድሬ ዞን 37 ሐረር ዞን 38 ናቸው። ድሬ ላይ ኢስቲንጉ፣ ማለትም ወደ ምስራቅ የሚቆጥረው ቁጥር፣ 815,000 አካባቢ የነበረው ሐረር ስትደርሱ 184,000 አካባቢ ይሆናል፣ መሳሪያው ተበላሽቶ አይደለም፣ ዞኑን ከቁጥሩ ጋር አብራችሁ ጻፉት።