ብጉር፦ እቤት መታከም ወይስ የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድ?

ግንባር ላይ የወጡ ጥቃቅን ብጉሮች ከሆኑ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ውጤቱ ግን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል፤ ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ተሰላችቶ ይተወዋል። ከቆዳ ሥር የጠለቀ፣ ሲነኩት የሚያም ጠጣር እብጠት ግን በቅባት ብቻ አይመለስም፤ ጠባሳ ሳይተው ሐኪም ሊያየው ይገባል።

እኔን የሚያስፈራኝ ሦስተኛው ዓይነት ነው። አንዲት ዘመዴ ለፊቷ ማጥሪያ ብላ ቤታሜታዞን የተባለ የስቴሮይድ ቅባት ተቀባች። መጀመሪያ ፊቷ ጠራ። ስታቆም ጉንጯ ቀልቶ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው ሽፍታዎች ወረሩት፤ ደግማ ስትቀባ ይከስማሉ፣ ስትተው ብሰው ይመለሳሉ። እንዲህ ያለውን ምልልስ ያየ ሰው ሌላ ቅባት አይግዛ፤ የተቀባውን ቱቦ ይዞ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።