ድሬ ያላችሁ ወላጆች፣ አንዲት መምህርት ልጠቁማችሁ

ሰላም የድሬ ሰዎች። የአራተኛ ክፍል ልጄን የክፍል ኃላፊ በአደባባይ ላመሰግናቸው ነው። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ አልጽፍም። ምክንያቱ ካርድ ላይ የጻፉት አስተያየት ነው።

ልጄ ዝምተኛ ናት። አምና ሌላ መምህር «ጠባይዋ ጥሩ ነው፣ ተሳትፎዋ ዝቅተኛ ነው» ብለው አለፉ። በዚህ ምን ይደረጋል? አባቷማ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ተነሺና መዝሙር አሰሚን» ይላት ጀመር፣ እሷም እንግዳ ሲመጣ ጓዳ መግባት ጀመረች።

የዘንድሮው እንዲህ ይላል፦ «በአራት ልጆች ቡድን ውስጥ ሐሳቧን በግልጽ ትናገራለች። በሒሳብ የቡድን ሥራ ላይ አንድ ሁለተኛና ሁለት አራተኛ እኩል መሆናቸውን ወረቀት አጥፋ ለጓደኛዋ አስረድታለች። በሙሉ ክፍል ፊት ግን ካልተጠራች እጇን አታወጣም። በሁለተኛው ሰሚስተር የቡድኗን መልስ ከመቀመጫዋ ሆና እንድታነብ አደርጋለሁ፤ የምጠይቃትንም ቀደም ብዬ እነግራታለሁ።»

አያችሁ፣ «አይናፋር» የሚል ነገር የለበትም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው ካርዱን የሚቀጥለው ዓመት መምህርም ያየዋል፣ ያየሁትን እንጂ ስም አልለጥፍባትም አሉኝ። የወረቀቱን ነገር ደግሞ ከጭንቅላታቸው አላመጡትም። ቡድን ሲሠራ እየዞሩ ያዩትን የሚጽፉበት ደብተር አላቸው፣ ገልጠው አሳዩኝ፣ ቀኑ ሳይቀር አለ።

ዝምታው ካለማወቅ እንዳልሆነ የለዩትም በዚያው ነው። ደብተሯ ላይ መልሱ ትክክል ነው፣ ለጓደኞቿም ታስረዳለች፣ የሚከብዳት የብዙ ሰው ዓይን ብቻ ነው። በትንሽ ቡድንም፣ በእረፍት ሰዓትም ጭጭ የሚል ልጅ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ጆሮው በደንብ ይሰማል ወይ፣ ቤት የሚነገረው ሶማልኛ ወይ ኦሮምኛ ሆኖ አማርኛው ከብዶት ይሆን ወይ ብለው እንደሚያጣሩ ነገሩኝ። እዚህ ከተማ ይሄ ብርቅ አይደለም መቼም።

አሁን የቡድኗን መልስ ወረቀት ይዛ ታነባለች። ድምጿ ገና ቀጭን ነው፣ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት «አልተሰማም» ይላሉ አሉ። ያለ ወረቀት እጅ ማውጣቱ ገና ነው። ቲቸርም አይቸኩሉም፣ ለእኛም እንግዳ ፊት አታስነሷት፣ ይልቅ ማታ ያነበበችውን ለታናሽ ወንድሟ ታስረዳ ብለውናል። አባቷን ማሳመን ትንሽ ፈጅቶብኛል።

ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልን። ቅዳሜ ጠዋት ሳቢያን ቤታቸው ጥቂት ልጆች ያስጠናሉ፣ ከአራት በላይ አንድ ላይ አይቀበሉም። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ የልጁን ደብተር ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።